ሸራው ሳይደርቅ አይታጠፍም

ይህን ያነበብኩት በእድራችን ዳኛ ሙት ዓመት ላይ ነው። መምጣት ያልቻሉ አባላት «ላክልን» ስላሉኝ፣ እዚያው በቃል የጨመርኩትንም አስገብቼ ጻፍኩት። ስማቸውን ያልጠቀስኩት ቤተሰቡ ስለጠየቀኝ ነው። እኛ እንደሆንን ድሮም በስማቸው አንጠራቸውም ነበር። «ዳኛ» ነበር የምንላቸው። ልጆቻችን ሳይቀሩ ስማቸው የሚመስላቸው እሱ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከገላን ጉራም፣ ከአያትም፣ ከኮዬ ፈጬም በጠዋት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። እትዬ፣ እርስዎንም ልጆችዎንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ዳኛ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ ሲያልፍ አይወዱም ነበር። «ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል» ይላሉ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ሐዘንተኞች ወረቀቱን ለኔ ይሰጡኛል፣ እኔ አስተካክዬ ለሳቸው አሳያለሁ። እሳቸው ደግሞ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ ያወርዳሉ። መጀመሪያ የሚሰረዘው «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ሩኅሩኅ ነበር» የሚለው ነው። «ይሄ ለማንም ይሆናል። ይሄ ሰውዬ ብቻ የሚያደርገውን ጻፍልኝ» ይሉኛል። ሃያ አምስት ዓመት በዚያ እርሳስ ስታረም ኖሬያለሁ። ዛሬ የሚያርመኝ ስለሌለ ከአንድ ገጽ አልፌያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካዛንቺስ በረንዳ ላይ፣ በአንዲት ሲንጀር አምስት ልጅ አሳደጉ። የቀረውን ልጃቸው ቅድም አንብባልናለች፣ አልደግመውም። እኔ የማወራው ስለ እድሩ ሥራቸው ነው። የማውቀውም እሱን ነው።

ከድንኳኑ ልጀምር።

ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ እንጂ፣ የእድር ንብረት የሚያልቀው በአገልግሎት ብዛት አይደለም። የሚያልቀው ከአገልግሎት ሲመለስ ነው። ሳልስት ያልፋል፣ ሁሉም ደክሞታል፣ ሸራው እንደነገሩ ተጠቅልሎ መጋዘን ይወረወራል። ክረምት ከሆነ ደግሞ እርጥብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሻጋታ ያወጣል። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሲሆን ታዩታላችሁ። ሻጋታው መጀመሪያ የሚበላው ጨርቁን ሳይሆን ስፌቱን ነው፣ ክሩ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ገመዱን ሲወጥሩት ግን ከስፌቱ ላይ ተርርር ብሎ ይከፈታል። ያውም ሐዘንተኛ ራስ ላይ።

ዳኛ እርጥብ ሸራ መጋዘን አያስገቡም ነበር። ቤታቸው ይወስዱትና ከአጥራቸው እስከ ኩሽናቸው ገመድ ወጥረው ያሰጡታል። ሐምሌ ላይ አንዳንዴ አራት አምስት ቀን እዚያው ይከርማል። እትዬ በሸራ ስር ጎንበስ እያሉ ወጥ ሲሠሩ አይቻለሁ። ሲደርቅ ፀሐይ ላይ ይዘረጉትና ስፌቱን በጣታቸው እየዳበሱ ዙሪያውን ይሄዳሉ። የላላ ካገኙ እዚያው ቁጢጥ ብለው ይሰፉታል። በሲንጀር አይሞክሩትም፣ መርፌ ይሰብራል። በወስፌ እየበሱ፣ ክሩን ሰም እየቀቡ በእጃቸው ነው የሚሰፉት። ሰሙ ክሩ ውኃ እንዳይጠጣ ነው። ካስማውን፣ ምሰሶውን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን ሁሉ ቆጥረው ይረከባሉ። ድስቶቻችን ቂጥ ላይ ያለችውን ቀይ ቀለም የቀቡትም እሳቸው ናቸው፣ ከጎረቤት እድር ድስት ጋር እንዳይቀላቀል ብለው። ቀዩ ቀለም በጥላሸት ሲጠፋ በዓመት አንዴ እንደገና ይቀባሉ።

ይህን ያህል ስለ ሸራ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገቡንም የሚይዙት እንደዚሁ ነበር። የላላው የት ጋ እንደሆነ በጣታቸው ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ 1994 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ያን ጊዜ እኔ ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ትልልቆቻችሁ ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። በወር አንዴ የሚነፋው ጡሩምባ በሳምንት ሁለቴ ይነፋ ነበር። የሚሞተው ደግሞ ጎልማሳው ነው። ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገረውም። «ሳምባ ነው» ይባላል፣ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል። ነፃው መድኃኒት የመጣው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ያለፉበት ሰዎች ናቸው የሚያውቁት።

አንድ ሹፌር አባል ነበረን። አንድ ማለዳ ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዳኛ በረንዳ ላይ መጣች። ሌሊት አርፏል። ጡሩምባ ነፊያችን ጡሩምባውን ይዞ ቆሟል። እኔ መዝገቡን ገለጥኩ። ሰውየው አራት ወር አልከፈለም። ያኔ መዋጮው በወር አሥር ብር ነው። ደንባችን ደግሞ በተከታታይ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ሰርዘነዋልም፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በኔ እጅ ጽሕፈት። ሴትየዋ እያየችኝ ነው።

ጡሩምባ ነፊው «ልንፋ ወይስ ልተው?» አለ።

ከኮሚቴው አንዱ ዳኛን ወደ ጎን ወስዶ አንድ ሐሳብ አመጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ በደግነት ነው ያለው። «አርባ ብሩን እኛ እናዋጣና ባለፈው እሑድ እንደተከፈለ አድርገን እንጻፈው። ማን ያያል?» ሐቁን ልንገራችሁ፣ ለኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር። ዳኛ እምቢ አሉ። «መዝገቡን ዛሬ ለደግነት ካስዋሸነው፣ ነገ ለሌላ ነገር ሲዋሽ አፋችንን ይዘን ነው የምናየው» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አንቀጹን አንብበው።»

አነበብኩት። የተሰረዘ አባል ከእድሩ የሚሰጠውን ገንዘብ አያገኝም ይላል።

«ድንኳን አያገኝም ይላል?»

«አይልም።»

«ወንበር አያገኝም፣ ድስት አያገኝም ይላል?»

«አይልም፣ ዳኛ። ገንዘብ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ንፋ» አሉት ጡሩምባ ነፊውን።

ድንኳኑ ተተከለ። የሴቶቹ እድር ንፍሮውን ቀቀለ። ቀብሩ ላይ «ስም ይጠራ፣ ቅጣት ግን አይጻፍ» አሉ፣ ሰውየው በደንቡ አባል ስላልሆነ የቀረውን መቅጣት አንችልም። የመጣው ሰው ግን ቅጣት ካለበት ቀን በለጠ። በሳልስቱ ዳኛ ድንኳኑ በር ላይ፣ ራሳቸው በሰፉት የወንበር ትራስ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ አዲስ ደብተር አለ። ማንንም አልለመኑም። የሚገባው ሰው ደብተሩን ያያል፣ እጁን ኪሱ ይከታል። እድሩ ለአባል ይሰጥ የነበረው 1,500 ብር ነው። ያን ቀን 1,130 ብር ተገኘ። በዚያው ደብተር ተጽፎ፣ በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ ለሴትየዋ ተሰጠ። ደብተሩ ዛሬም አለ፣ እኔ ጋ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን «ደግ ሰው ነበሩ» ብዬ አልፍ ነበር። እሳቸውም በእርሳስ ይሰርዙት ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ወደ ሴትየዋ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ሲደርስ፣ «ልጄ፣ አርባ ብር ቸግሮት ነው?» ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «ቸግሮትስ አልነበረም። ብሩን እኔ ነኝ በየወሩ የማስቀምጥለት» አለች። ከመሶቡ ስር አወጣችው። አራት አሥር ብር፣ ተጣጥፎ። «የወሩ መጀመሪያ እሑድ ተሰልፎ ሲከፍል ሰው መክሳቱን እንዳያየው ነው የቀረው። አንቺም ሄደሽ አትክፈዪልኝ፣ የት ሄደ ብለው ይጠይቁሻል አለኝ።»

ዳኛ ምንም አልመለሱም። መንገድ ላይም አልተናገሩም። በረንዳቸው ስንደርስ ብቻ፣ «አየህ፣ ደንቡ ጋ አይደለም የላላው። መክፈያው ጋ ነው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር አስለወጡ። አንደኛ፣ ማንም መዋጮውን በፈለገው ሰው እጅ ይላክ፣ ተቀባዩም «ራሱስ የት ሄደ?» ብሎ እንዳይጠይቅ። ይህ አሁን በቴሌብር ለምንከፍለው ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን እሑዱ የመተያያ ቀን ስለነበር ብዙ ሰው ተቃወመ። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ከመሰረዙ በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት። ሄደው ያዩትን ለዳኛ ብቻ ይንገሩ፣ መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ተጠይቋል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይሁን። ያ ቃል ከገባ ወዲህ በመዝገባችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ስለከበረ አይደለም። ሄደን ስንጠይቅ መክፈል ያቃተው ሳይሆን መውጣት ያቃተው ይበዛ ነበር።

በማግሥቱ ዓመት ሌላ ጨመሩ። የታመመ አባል ከፈለገ፣ ሲሞት ለቤተሰቡ ከሚሰጠው ግማሹን በሕይወት እያለ ይውሰድ። ይህ ከባድ ክርክር ነበረው። «የቀብር ገንዘብ ነው፣ ይሟርትብናል» ያሉ ነበሩ። ሌላው ፍርሃት የሒሳብ ነበር። ሁሉም ቀድሞ ቢወስድ ካዝናው ይደርቃል። ስለዚህ በዓመት ከሦስት ሰው በላይ እንዳይሆን ተወሰነ። ከወሰዱት አንዱ መድኃኒቱ ሲመጣ አገግሞ፣ ከዓመታት በኋላ ገንዘቡን ልመልስ ብሎ መጣ። ዳኛ መዝገቡን ግራ ቀኝ ገለጡለት። «የወጪ ዓምድ አለ፣ የመዋጮ ዓምድ አለ፣ የቅጣት ዓምድ አለ። የመመለሻ ዓምድ የለኝም። የት ልጻፍልህ?» አሉት። ሰውየው በሚቀጥለው ክረምት አንድ ሙሉ ጥቅል አዲስ ሸራ ይዞ መጣ። ለዚያ «ስጦታ» የሚል ዓምድ ነበረን።

እንግዲህ እሳቸው ጻድቅ ነበሩ አልልም። ዓይናችሁ እያየ ይሰርዙኛል። ግትር ነበሩ። ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ የዘገየን ሰው ሰላም አይሉም። የመጋዘኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት፣ ሌላ ቅጂ እንዲኖር ስንለምናቸው ዓመታት አለፉ። አንድ ጊዜ ቁልፉን እንዳሰሩ ለአንድ ሳምንት ጠበል ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሙስሊም አባላችን አረፉ። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፣ መጠበቅ የለም። መቆለፊያውን በመዶሻ ሰብረን ድንኳን አወጣን። ዳኛ ሲመለሱ የተሰበረውን መቆለፊያ አዩ፣ ማን እንደሞተም ተነገራቸው። መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ከዚያ መጥተው፣ «ሃምሳ ብር ቅጣት ጻፍ» አሉኝ። ማን ላይ ብዬ ብጠይቅ፣ «ዳኛው ላይ» አሉ። ሁለት ቁልፍ የኖረን ከዚያ ወዲህ ነው።

የመጨረሻ ሥራቸውን ሁላችሁም አብራችሁ አይታችኋል። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሣ፣ ግቢው ውስጥ የመጨረሻውን ስብሰባ አደረግን። ብዙ ሰው «ያለውን ገንዘብ እንካፈልና በሰላም እንለያይ» አለ። አልፈርድም፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ዳኛ ክርክር ውስጥ አልገቡም። የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ በነጭ ጠመኔ አምስት ክብ ሣሉ። ከዚያ አንድ በአንድ «አንተ የት ደረሰህ? አንቺስ?» እያሉ ስም በየክቡ ውስጥ ጻፉ። ሲጨርሱ፣ «ተበትነናል የምትሉት ይሄ ነው? እኔ የማየው አምስት ቦታ ነው» አሉ።

ለአምስቱም ተጠሪ ተመረጠ። ካሉን ሁለት ድንኳኖች አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አያት ተቀመጠ። ስም ጥሪው ድንኳን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ መቃብሩ በር ላይ ሆነ። በታክሲ ሁለት ሰዓት የሚመጣ ሰው አለና፣ ቀብሩ ላይ ወይም ሳልስቱ ላይ ከሁለት በአንዱ የተገኘ አይቀጣም ተባለ።

ያን ቀን ብዙዎቻችሁን ያስቀየመ አንድ ነገርም ተናገሩ። «በየገባችሁበት ሕንፃ ያለው እድር ውስጥ ግቡ» አሉ። ገና የራሳችንን ሳናድን ወደ ሌላ ይሸኙናል ብለን ተቆጣን። ሁለት መዋጮም ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን አልተመለሱም። «እኔ ሌሊት አልደርስላችሁም» ነው ያሉት።

ጥር ላይ ደረሰ። አያት ከነበሩት አባሎቻችን የአንዷ እናት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አረፉ። እኛ በስልክ ተጠራርተን፣ ታክሲ ፈልገን፣ ፎቁን ስንወጣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኗል። ገና በሩ ላይ ሳለን ሻይ የያዘች ወጣት ተቀበለችን። እነማን እንደሆንን ጠየቀችን፣ እኛም እሷ ማን እንደሆነች አናውቅም። አስከሬኑ ተገንዟል። ወንበር ተደርድሯል። ሐዘንተኛዋ ሶፋ ላይ ነች፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ትከሻዋን ይዘዋታል። ስማቸውን በቅጡ አታውቅም፣ «የሦስተኛ ፎቋ» እና «የውሻዋ ባለቤት» ነው የምትላቸው። ዳኛ ደረጃውን አራቴ እያረፉ ነበር የወጡት። ይህን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ለነዚያ ሴቶች እጅ ነሡ። እኛን ግን «አላልኳችሁም?» አላሉንም። ቢሉን ይገባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ነው የኖሩት።

መዝገቡን ስረከብ የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ኑዛዜ መስሎኝ ደነገጥኩ። እንዲህ ይላል፦ «የአያቱ ድንኳን ከፊት በስተቀኝ ያለው ስፌት ሳስቷል። ከክረምት በፊት።» ሌላ ቃል የለም።

እንግዲህ አሁን የተቀመጥነው በዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። ስፌቱ ከፊት በስተቀኝ፣ እትዬ ከተቀመጡበት ራስ በላይ ያለው ነው። ባለፈው ወር ታናሽ ልጃቸው በወስፌና በሰም ሰፍቶታል። አባቱ ቢያዩት ርቀቱ እኩል አይደለም ይሉ ነበር፣ ግን ይዟል።

ከጸሎቱ በኋላ ምሳ አለ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው፣ ለሙስሊም ወገኖቻችንም ያስቸግራችኋል ብዬ አልሰጋም። ትናንት ማታ የጣለውን ዝናብ አይታችኋል፣ ሸራው በስተጀርባ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ወጣቶች፣ ከምሳ በኋላ ለማገዝ ብላችሁ እንዳትነቅሉት። ካስማው ላይ እንዳለ ነገ ይዋል፣ ከነገ ወዲያም ፀሐይ ካልወጣ ይዋል። የመጋዘኑ አንድ ቁልፍ እኔ ጋ፣ አንዱ የአያቱ ተጠሪ ጋ ነው።

ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን።